ምንም ሳይገዙ ሰላም ማለት



ዛሬ ስለ አንድ አጭር ልብ ወለድ ልነግራችሁ ነው የቆምኩት። ታሪኩ በአንድ ዐረፍተ ነገር ተነግሮ ያልቃል፦ ብቻውን የሚኖር ባለሱቅ አንድ ምሽት ከማያውቀው ሰው ያልጠበቀው ሰላምታ ይደርሰዋል፤ ምሽቱም ይለወጣል። ሐሳቡ ቀላል ስለሚመስል ብዙ ጀማሪ ይሞክረዋል፤ አብዛኛውም ጊዜ ይበላሻል። ሱቁ ጭር ይላል፣ ባለሱቁ ይተክዛል፣ ደግ እንግዳ ይመጣል፣ ጥሩ ምክር ይሰጣል፣ ባለሱቁ ያለቅሳል፣ ታሪኩ ያልቃል። አንባቢው ግን ምሽቱ እንዴት እንደተለወጠ አያውቅም፤ ተለውጧል ተብሎ ተነገረው እንጂ አላየውም።

ስለዚህ ታሪኩን ከመነሻው እስከ መድረሻው እዚሁ ፊታችሁ እሠራዋለሁ፤ ጸሐፊው መምረጥ ያለበት ቦታ ስንደርስ ቆም እያልን እንነጋገራለን። የምሟገትለት ነገር አንድ ነው። ሰላምታው በሩን ያንኳኳል፤ ምሽቱ የሚለወጠው ግን ሰላም የተባለው ሰው ራሱ ተነሥቶ ሌላ ሰው ሰላም ሊል ሲሄድ ነው።

በመጀመሪያ ሱቁን እንክፈት። ቦታው አዲስ አበባ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከታክሲው ወርዶ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ ነው። ጊዜው ሐምሌ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል። ሱቁ ከአንድ ግቢ አጥር ጋር የተያያዘ አንድ ክፍል ቆርቆሮ ቤት ነው። ከፊት ለፊት ፍርግርግ ብረት ያለው መስኮት አለው፤ ዕቃው የሚወጣው፣ ብሩ የሚገባው በዚያች በታች በኩል በተተወች ቀዳዳ ነው። ጎን ላይ ጠባብ በር አለች፤ ጠዋት አንዴ ትከፈታለች፣ ማታ አንዴ ትዘጋለች። ከመደርደሪያው ጀርባ ቆጥ አለ፤ ባለሱቁ የሚያድረው እዚያ ላይ ነው። ሃምሳ ዓመት አልፎታል፤ ቤተሰቡ አገር ቤት ነው። ቤቱን የተከራየው ስለሆነ የሰፈሩ እድር ውስጥ የለም፤ ማንም ግባ አላለው፣ እሱም ላስገባችሁ ብሎ አልጠየቀ።

አሁን የመጀመሪያው ምርጫ መጣ፦ የዚህን ሰው ብቸኝነት እንዴት እናሳይ? ጀማሪው ሱቁን ባዶ ያደርገዋል። ይህ ስሕተት ነው። እንዲህ ያለ ሱቅ ማታ ማታ ባዶ አይሆንም። ከሥራ የሚመለሰው ሁሉ ያልፍበታል። «ሩብ ስኳር»፣ «አንድ ፍሬ ሲጋራ»፣ «ባለ ሃምሳ ካርድ»፣ «ሁለት ዳቦ፣ ከሳሙናው ጋር ደምረው»። ባለሱቁ ጎንበስ ብሎ ዘይት ሲቀዳ ከታየ ደግሞ በሳንቲም ብረቱን እየመቱ «ሰው የለም?» ይሉታል። ሰውዬው በቀን ከመቶ ሰው በላይ ያናግራል። ቢሆንም ከዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥ ስለ እሱ የሚጠይቅ አንድም የለም። ብቸኝነቱን እዚህ ግርግር ውስጥ አስቀምጡት። «ብቸኝነት ተሰማው» የሚል ዐረፍተ ነገር መጻፍ አያስፈልጋችሁም፤ ገዢዎቹን ተራ በተራ አናግሯቸው፣ ማንም ሰላም ሳይለው አምስት ሰው ይስተናገድ፣ አንባቢው ራሱ ይደርስበታል።

እዚህ ላይ አንድ ታላቅ ሥራ ላንሣ። አንቶን ቼኾቭ በ1886 እ.ኤ.አ. ባሳተመው አንድ አጭር ልብ ወለድ ዮና የሚባል ባለ ጋሪ አለ። ልጁ ሞቶበታል። በበረዶ ምሽት ተሳፋሪ በጫነ ቁጥር ሐዘኑን ሊነግር ይጀምራል፤ አንዱ ይቸኩላል፣ ሌላው ይሰድበዋል፣ የሚሰማው ይጠፋል። በመጨረሻ በረት ገብቶ ለፈረሱ ይነግራታል። ልብ በሉ፤ ዮናም ብቻውን የሆነው ሰው መሐል ነው። ቼኾቭ ይህን ከየት አወቀው ብለን ብንጠይቅ፣ አባቱ በታጋንሮግ ከተማ ባለሱቅ እንደነበሩና እሱም በልጅነቱ እዚያ ሱቅ ውስጥ እየቆመ ያገለግል እንደነበር እናስታውሳለን። ሰው ለዕቃ መጥቶ ከዕቃው ጀርባ ያለውን ሰው ሳያየው ሲሄድ በዓይኑ ያየ ልጅ ነው።

የእኛ ባለሱቅ ግን ከዮና በአንድ ነገር ይለያል። ዮና መናገር ይፈልጋል፣ የሚሰማው አጣ። ባለሱቃችን ከዓመታት በኋላ መናገር መፈለጉን ትቷል። ለዚህ ነው የእኛ ታሪክ የሚከብደው፤ እንግዳው ጆሮ ቢሰጠው እንኳ የሚናገረው የለውም። ስለዚህ ሌላ በር መፈለግ አለብን። በሩን የማገኘው ከመደርደሪያው ሥር ባለችው የዱቤ ደብተር ውስጥ ነው።

ደብተሯ ባለ ሃምሳ ሉክ ናት፤ ጥጓ ዘይት ጠጥቷል። ባለሱቁ የደንበኞቹን ስም ስለማያውቅ በራሱ አጠራር ይጽፋቸዋል፦ «የባንኩ ልጅ»፣ «ቀይዋ»፣ «ቧንቧው ጋ ያለችው»። ከእያንዳንዱ ሥር ቀን፣ ዕቃ፣ ብር። ለሌላ ሰው ይህ የዕዳ መዝገብ ነው፤ ለባለሱቁ ግን የሰፈሩ ታሪክ ነው። የዱቄት ወተት የጀመረ ቤት ልጅ ወልዷል። ሲጋራ ያቆመ ሰው ወይ ታሟል ወይ ተስሏል። በወር መጨረሻ የሚከፍለው እስከ አሥራ አምስት ድረስ መክፈል ካቃተው ደመወዙ ላይ የሆነ ነገር አለ። ባለሱቁ ይህን ሁሉ ያነባል። ሰፈሩን ያውቀዋል፣ ሰፈሩ ግን አያውቀውም። ያነበበውንም ለማንም አይተነፍስም፤ የንግድ ሰው ምስጢር ጠባቂ ነው።

አሁን «ቧንቧው ጋ ያለችው» የሚለውን ገጽ እንመልከት። እስከ ሰኔ አጋማሽ ድረስ በየሦስት ቀኑ ሩብ ቡና አለ። ሴትዮዋ ራሷ እየመጣች ነበር የምትወስደው። ከዚያ በኋላ ቡናው ይጠፋል። በምትኩ የአጃ ዱቄት፣ ብስኩት፣ እንደገና የአጃ ዱቄት ይታያል። የምትመጣውም ልጅቷ ናት፤ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው። ቡና ያቆመ፣ አጥሚት የጀመረ ቤት ውስጥ የተኛ ሰው አለ። ባለሱቁ ይህን ካወቀ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ልጅቷን ግን «እናትሽ እንዴት ናት?» ብሎ ጠይቋት አያውቅም። አጃውን ይሰጣል፣ ይጽፋል፣ ቀጣዩን ያስተናግዳል። ይህን ለአንባቢ ቀድማችሁ አሳዩት፣ ነገር ግን አታብራሩት። ዕዳው ተጽፎ ይቀመጥ፤ በኋላ ይፈለጋል።

አሁን እንግዳዋን እናምጣ። ሁለተኛው ምርጫ እዚህ ነው፦ አንድ ሰው ምንም ሳይገዛ ባለሱቅን ሰላም የሚለው ለምንድን ነው? በቂ ምክንያት ካልሰጠናት እንግዳዋ ከሰማይ የወረደች ትመስላለች። ሐምሌ ምክንያቱን በነጻ ይሰጠናል። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር አንዲት ነጠላቸውን የተከናነቡ አሮጊት ከሱቁ ጣራ ሥር ይጠለላሉ። በሰው ጣራ ሥር ቆሞ ሰላም ሳይሉ ዝም ማለት በአገራችን ነውር ነው። ስለዚህ ወደ መስኮቱ ዞር ይላሉ።

«እንደምን አመሸህ፣ ልጄ?»

«ምን ልስጥዎት?» ይላል ባለሱቁ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ይህች መልስ የታሪኩ ቁልፍ ናት። ሰውዬው ክፉ ሆኖ አይደለም ሰላምታውን የዘለለው፤ ከዓመታት ልምዱ በመስኮቱ በኩል የሚመጣ ቃል ሁሉ ወደ ዕቃ የሚያደርስ ነው። ሰላም ያለው ሁሉ ቀጥሎ የሚጠይቀው ነገር አለው፤ በተለይ ረዘም አድርጎ ሰላም ያለው ዱቤ ይፈልጋል። ስለዚህ እጁ ወደ መደርደሪያው ተዘርግቶ ይጠብቃል።

«ምንም አልፈልግ። ዝናቡ እስኪያባራ ነው። ደህና አመሸህ ወይ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

ዝምታ። ዝናቡ ይዘንባል። አሮጊቷ መንገዱን ያያሉ። ባለሱቁ እጁን ከመደርደሪያው ላይ ያወርዳል፤ ምን ላይ እንደሚያሳርፈው ግን አያውቅም። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ያላደረገውን ያደርጋል።

«እርስዎስ፣ እናቴ? በዚህ ዝናብ ከየት ነው?»

«የታመመ ጠይቄ ስመለስ ነው። አልቆይም ብዬ ወጥቼ፣ ይኸው ያዘኝ።»

ባለሱቁ መልስ አይሰጥም። ጎንበስ ብሎ ባዶ የለስላሳ ሣጥን ያነሣል፣ በጠባቧ በር ይወጣል፣ ሣጥኑን ገልብጦ ጣራው ሥር ያኖረዋል። «ይቀመጡ»። አሮጊቷ ይቀመጣሉ። ዝናቡ ሲቀዘቅዝ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ» ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ዳገቱን ይያያዙታል። ሌላ ምንም አላሉም።

ጸሐፊውን የሚፈትነው እዚህ ቦታ ነው። አሮጊቷ ስለ ሕይወት አንድ ጥልቅ ነገር እንዲናገሩ እጃችሁ ይበላችኋል። ተዉት። ቧንቧው ጋ ያለችው ሴት የአሮጊቷ እኅት ሆና እንድትገኝ ማድረግም ያምራችኋል። ይህንንም ተዉት፤ ዓለም ያን ያህል አትገጣጠምም፤ አንባቢውም ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ ይጠራጠራል። አሮጊቷ የሰጡት ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ከጀርባው ጥያቄ የሌለው ሰላምታ፣ እና «የታመመ ጠይቄ» የሚል ተራ ወሬ። ሁለቱም ለእሳቸው ምንም አይደሉም። ወሬው በባለሱቁ ልብ ውስጥ የሚነካው ቦታ ያገኘው አንባቢው ቀድሞ ባያት ደብተር ምክንያት ነው። ልጅቷንና አጃውን ቀድመን ባናስቀምጥ ኖሮ ይህ ቃል አየር ላይ ይቀር ነበር።

እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር በእውን ሰውን ይለውጣል ወይ የሚል ይኖራል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ጂሊያን ሳንድስትሮም እና ኤሊዛቤት ደን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2014 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት አለ። ቡና ሊገዙ የገቡ ሰዎችን ለሁለት ከፈሏቸው። ግማሾቹን ከቡና ሻጩ ጋር ዓይን ለዓይን ተያዩ፣ ፈገግ በሉ፣ ትንሽ ተጫወቱ አሏቸው። ግማሾቹን ብራችሁን አዘጋጅታችሁ፣ ትርፍ ወሬ ሳታወሩ ቶሎ ጨርሳችሁ ውጡ አሏቸው። የተጫወቱት ሰዎች ደስ ብሏቸው፣ ከሰው ጋር የመቀራረብ ስሜት አድሮባቸው ወጡ፤ ከቸኮሉት ይልቅ። ግኝቱ ለእኛ ይጠቅማል፤ ገደቡንም ግን እንወቅ። የተጠየቀው ገዢው ነው። ከመስኮቱ በስተኋላ ያለው ሰው ምን እንደተሰማው ጥናቱ አልለካም። ያ ቦታ የልብ ወለድ ድርሻ ነው። ጥናቱ የሚለካው ደስታም የደቂቃዎች ነው፤ የዓመታት ብቸኝነት በአንድ «እንደምን አመሸህ» አይድንም። ስለዚህ ታሪካችንም አንድ ምሽት ብቻ ይለውጥ፤ ሕይወቱን ለመለወጥ አይሞክር። ኤድጋር አለን ፖ በ1842 እ.ኤ.አ. አጭር ታሪክ በአንድ ቁጭታ ተነብቦ አንድ ስሜት ብቻ ጥሎ ማለፍ አለበት ብሎ የተከራከረው እዚህ ይሠራል። አንድ ምሽት፣ አንድ ሰላምታ፣ አንድ ውሳኔ።

ውሳኔው ምን ይሁን? ብዙዎች ባለሱቁ ቀጣዩን ገዢ በፈገግታ ሰላም ሲል ያቆማሉ። መጥፎ አይደለም፣ ግን ርካሽ ነው፤ ምንም አላስከፈለውም። በታሪክ ውስጥ የተለወጠ ሰው የሚታወቀው በከፈለው ነገር ነው። ባለሱቅ ምን ይከፍላል? ሰዓት ይከፍላል። የምሽቱ ዋና ገበያ ከአንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ነው፤ ከዚያ ውስጥ ግማሽ ሰዓት መዝጋት ማለት ገንዘብ ነው። በተጨማሪም በሰፈሩ ዓይን ያልለመደውን ነገር በማድረግ የሚመጣውን ሐፍረት ይከፍላል።

እንግዲህ ባለሱቁ አንድ ሳጥን ክብሪት ለአንድ ልጅ ሰጥቶ ሲያበቃ ደብተሯን ያወጣል፣ «ቧንቧው ጋ ያለችው» የሚለውን ገጽ ይገልጣል፣ ያየዋል፣ ይዘጋዋል። ከመደርደሪያው አንድ ፓኬት የአጃ ዱቄት ያወርዳል። አይጽፈውም። መስኮቱን ይዘጋል። ጠባቧን በር ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ይከታል። ከሱቁ ፊት ለፊት የደረሰ አንድ ጎልማሳ «ዛሬ በጊዜ ነው?» ይለዋል። «አዎ፣ እመለሳለሁ» ይላል። ጭቃውን እየመረጠ ወደ ቧንቧው ይወርዳል።

የእንጨት በር ነው። ያንኳኳል።

«ማነው?» የልጅ ድምፅ ነው።

«ባለሱቁ ነኝ።»

ከውስጥ ዝም ይባላል። ሹክሹክታ ይሰማል። ከዚያ የልጅቷ ድምፅ፣ በሩ ሳይከፈት፦

«እማዬ ብሩን ለሐሙስ እሰጠዋለሁ በዪው አለችኝ።»

እስካሁን የሠራነው ሁሉ ለዚህች መልስ ነው። ማታ በር ላይ የቆመ ባለሱቅ ዕዳ ሊጠይቅ የመጣ ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? አሮጊቷ ሰላም ሲሉት እሱ የጠረጠረውን ጥርጣሬ አሁን በራሱ ላይ ይሰማዋል። እሱም ዛሬ ከጀርባው ጥያቄ የሌለው ሰላምታ ይዞ የመጣ፣ ግን ያልታመነ ሰው ነው። አሮጊቷ ያሉትን ከማለት በቀር ሌላ መንገድ የለውም።

«ምንም አልፈልግም። እናትሽ እንደምን አመሸች ልል ነው።»

መቀርቀሪያው ይንቀሳቀሳል። ልጅቷ በሩን ትንሽ ከፈት አድርጋ ከእግሩ እስከ ራሱ ታየዋለች፤ ከመስኮቱ ውጭ አይታው አታውቅምና ቁመቱ ራሱ እንግዳ ሆኖባታል። ከውስጥ የደከመ ድምፅ «ይግባ በዪው እንጂ» ይላል። ባለሱቁ ጎንበስ ብሎ ይገባል። ታሪኩ እዚህ ያልቃል።

ከገባ በኋላ ምን ተባባሉ የሚለውን አልጽፍም። ሴትዮዋ ዳነች ወይም አልዳነችም የሚለውንም አልጽፍም። ባለሱቁ ከተዘጋ በር ወደ ተከፈተ በር አልፏል፤ ምሽቱ ተለውጧል። ነገ ጠዋት ከፍርግርጉ ጀርባ ይመለሳል፣ «ሩብ ስኳር» ይባላል፣ ማንም ሰላም ላይለው ይችላል። ይህንን አንባቢው ያውቃል፤ ታሪኩም የማያደርገውን አደርጋለሁ ብሎ አይዋሽም።

ይህን ዓይነት ታሪክ ለምትጽፉ ሦስት ፈተና ልስጣችሁ። የመጀመሪያው፣ ሰላምታውን ሰርዙና ታሪኩን አንብቡት። ባለሱቁ ያለ ሰላምታውም ወደ ቧንቧው መውረድ ከቻለ፣ ሰላምታው ጌጥ ነው፤ ሥራ የለውም። በእኛ ታሪክ ውስጥ ለሁለት ሳምንት እያወቀ አልወረደም፤ ስለዚህ ሰላምታው ይሠራል። ሁለተኛው፣ እንግዳዋ የተናገሩትን ቆርጣችሁ ለብቻው አንብቡት። ጥቅስ የሚመስል ዐረፍተ ነገር ካለበት፣ የጸሐፊው ድምፅ ገብቶበታል፤ አውጡት። የእኛ አሮጊት ስለ ዝናብ፣ ስለ ጤናና ስለ መንገድ ብቻ ነው የተናገሩት። ሦስተኛው፣ ባለሱቁ ያደረገውን ብቻ ጻፉና ስሜቱን የሚናገሩ ቃላትን ሁሉ ጣሉ። ሣጥኑን ገለበጠ፣ አጃውን ሳይጽፍ አወረደ፣ ሱቁን በጊዜ ዘጋ፣ በር አንኳኳ። እነዚህ አራቱ ለውጡን ካልተናገሩ፣ «ልቡ ሞቀ» የሚል ቃል አይናገርላቸውም።

በአጭር ልብ ወለድ ውስጥ ሰላምታ የሚለካው በተቀባዩ እግር ነው እላለሁ፤ ተነሥቶ የት ሄደ? ባለሱቃችን ወደ ቧንቧው ሄደ። የእናንተ ባለሱቅ የት እንደሚሄድ ከመጻፋችሁ በፊት የዱቤ ደብተሩን ገልጣችሁ አንብቡ፤ ያልጠየቀው ሰው ስም እዚያ ተጽፏል።